የማትታየዋ ሠራተኛ ምዘና

ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል፤ እሱ ግን ጠዋት በሩን ሲዘጋ አሁንም «ወጣሁ» ይላል። መልስ የለም። ከዚያ ደረጃውን ይወርድና ሁለት ፌርማታ በእግሩ ሄዶ ከሁሉም ቀድሞ ቢሮ ይገባል። የሚያስቸኩለው ሥራው ብቻ አይደለም። ቢሮ ውስጥ ሰው አለ።

ሥራው ካርታ ነው። ከመሬት በታች የተቀበሩትን የከተማውን የውሃ ቧንቧዎች የሚያሳዩ አሮጌ የወረቀት ካርታዎች አሉ፤ በእጅ የተሳሉ፣ ጠርዛቸው የተበላ፣ ቀለማቸው የደበዘዘ። የእሱ ክፍል እነሱን እያነበበ ወደ ኮምፒውተር ይገለብጣል። ቧንቧ ሲፈነዳ ቆፋሪዎቹ የሚቆፍሩት ካርታው ባመለከታቸው ቦታ ነው። ካርታው ሁለት ሜትር ከሳተ መንገዱ በከንቱ ይታረሳል፣ ሰፈሩም ውሃ እንደጠማው ይውላል። የክፍሉ ኃላፊ እሱ ነው፤ በወጣትነቱ በቀለምና በማስመሪያ ይስል ስለነበር ሠራተኞቹ ጋሽ ማስመሪያ የሚል ስም አውጥተውለታል። ፊት ለፊት «ጋሼ» ይሉታል፣ ከኋላው ሙሉውን። ያውቃል፤ ደስም ይለዋል።

ከሥሩ ዘጠኝ ካርታ ሠሪዎች አሉ። ድሮ ዘጠኙም በአንድ ሰፊ አዳራሽ ይቀመጡ ነበር። ድርጅቱ ከቤት መሥራትን ሲፈቅድ ግን እንደ ጠዋት ጤዛ አንድ በአንድ ተነኑ። ገሚሶቹ በሳምንት ሁለት ቀን ብቅ ይላሉ፣ ገሚሶቹ ከነጭራሹ አይመጡም። በየቀኑ የሚመጡት ሦስት ብቻ ሲሆኑ ከሦስቱ ዋናው ሬዲዮ ነው።

ሬዲዮ የተባለው ስለማይዘጋ ነው። ገና ከበሩ «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ! ዛሬ ደግሞ ፊትዎ በርቷል፣ ምን ተገኘ?» እያለ ይገባል። ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ኳሱ፣ ስለ አማቱ ያወራል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ «እንሂድ ጋሼ፣ ሆድ ቀጠሮ አያውቅም» ብሎ ወንበሩን ይስብለታል። ጋሽ ማስመሪያ ከልጁ ጋር እንኳ ይህን ያህል አያወራም። ልጁ አግብታ ሌላ ከተማ ትኖራለች። በየእሑዱ ትደውልና ሦስት ደቂቃ ያህል «ደህና ነህ? በልተሃል?» ተባብለው ይዘጋሉ።

ከማይመጡት መካከል ደግሞ አንዲት ሴት አለች። ሌሎቹ «የሩቋ» ይሏታል። የምትኖረው የአምስት ሰዓት መንገድ ርቆ በሚገኝ ከተማ ሲሆን፣ የማስታወስ ችሎታቸውን ያጡትን እናቷን ትጦራለች። ከሁለት ዓመት በፊት ፈቃድ ጠይቃ ሙሉ በሙሉ ከቤት መሥራት ጀመረች። ስብሰባ ላይ ካሜራዋን አትከፍትም፤ ስትጠየቅ ባጭሩ ትመልሳለች። በድርጅቱ የመልእክት መለዋወጫ ላይ በያንዳንዱ ሰው ስም ጎን ትንሽ ነጥብ አለች። ሰውዬው ኮምፒውተሩ ላይ ካለ አረንጓዴ ትሆናለች፣ ከሌለ ግራጫ። ጋሽ ማስመሪያ ረፋዱ ላይ ሲያይ የሩቋ ነጥብ ሁሌም ግራጫ ነበረች።

የግማሽ ዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ሲደርስ ጋሽ ማስመሪያ ዘጠኙን ፎርም በአንድ ከሰዓት ሞላ። ፎርሙ አምስት መስፈርት አለው፦ የሥራ መጠን፣ ጥራት፣ ሰዓት ማክበር፣ ትብብር፣ ተነሳሽነት። እያንዳንዱ ከአምስት ይታረማል። መዝገብ አልገለጠም። ዓይኑን ጨፈን እያደረገ ሰውየውን በልቡ ያመጣና ቁጥሩን ይጽፋል። ሬዲዮ ሲመጣለት ፈገግ አለ፤ አራት፣ አራት፣ አምስት፣ አምስት፣ አምስት። የሩቋ ስትደርስ ዓይኑን ቢጨፍንም የመጣለት ነገር የለም። ፊቷንም በቅጡ አያስታውሰውም። ትብብር ላይ ሁለት፣ ተነሳሽነት ላይ ሁለት፣ ሰዓት ማክበር ላይ ሁለት፣ የቀሩት ላይ ሦስት ሦስት ጻፈ። ማብራሪያው ላይ «በሥራ ሰዓት አትገኝም፣ ተሳትፎዋ አነስተኛ ነው» አለ። አማካዩ ሁለት ነጥብ አራት መጣ።

ከሦስት በታች ያገኘ ሠራተኛ ከቤት የመሥራት ፈቃዱ እንደሚነሳና በሳምንት ሦስት ቀን ቢሮ እንዲገባ እንደሚገደድ ያውቃል። ስለ እሷ ግን በዚያ ሰዓት አላሰበም። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል ይባል የለ።

ፎርሙ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ተልኮ አስተያየት ተጽፎበት ይመለሳል። ሬዲዮ «ጋሼ ዕድሜ ይስጥልኝ» ብሎ ጻፈ። የሩቋ ሁለት ቀን ዘግይታ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ መለሰች፦

«ይህ ምዘና ስለ እኔ አለመታየት ይናገራል፤ ስለ ሠራሁት ካርታ ግን አንድም ቃል የለበትም።»

ጋሽ ማስመሪያ ተቆጣ። ፎርሙን ይዞ ሁለተኛ ፎቅ ወደ ሰው ኃይል ባለሙያዋ ወረደ። ባለሙያዋ ቀጠን ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መልሳ የምትፈልግ ሴት ናት።

«እስቲ ተመልከቺ» አላት። «እንዲህ ተብሎ ለኃላፊ ይጻፋል?»

አነበበችው። «ስድብ የለበትም እኮ ጋሼ።»

«ንቀት ግን አለበት።»

«እሱን ተዉትና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሐሙስ የማመዛዘኛ ስብሰባ አለ። ሦስቱም ክፍል ኃላፊዎች ውጤታቸውን ይዘው ምክትል ሥራ አስኪያጁ ፊት ይቀርባሉ። በዚህ ዓመት ለእያንዳንዱ ቁጥር ማስረጃ ይጠየቃል፤ በግማሽ ዓመቱ መጀመሪያ ከሠራተኛው ጋር ምን ተስማማችሁ፣ ምን አስረከበ፣ ስንት ተመለሰበት። ለእሷ ሁለት የሰጡት በምን ማስረጃ ነው?»

«ስትሠራ አላያትማ!»

«ያላዩት ሥራዋን ነው ወይስ እሷን?»

«ያው ነው» አለ።

«ያው ከሆነማ መዝገቡ ላይም ያው ሆኖ ይገኛል» አለችና መነጽሯን ፍለጋ ጠረጴዛዋን መዳበስ ጀመረች። «ግንባርሽ ላይ ነው» ብሏት ወጣ።

በማግስቱ መዝገቡን ከፈተ። እያንዳንዱ ካርታ ማን እንደሠራው፣ መቼ እንዳለቀ፣ የት ሰፈር እንደሆነ የሚመዘገብበት ሠንጠረዥ ነው። የታችኛውን ድምር ብቻ ተመለከተ። ሬዲዮ ሁለት መቶ አሥር ካርታ፣ የሩቋ መቶ ሃያ ስድስት። ደረቱ ላይ የተቀመጠ ነገር የተነሳለት ያህል ተነፈሰ። ቁጥር አያዳላም አለ ለራሱ። ወረቀቱን አትሞ፣ ፊርማ ለማስጨመር ብቻ ብሎ ምድር ቤት ወደ ጥራት ተቆጣጣሪዋ ወረደ።

ተቆጣጣሪዋ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራት፣ ወሬ የማትወድ ሴት ናት። የሚያልቀው ካርታ ሁሉ ወደ ውሃ ድርጅቱ ከመላኩ በፊት በእሷ እጅ ያልፋል። ስህተት ካገኘችበት ትመልሰዋለች። ወረቀቱን አየችውና አልፈረመችም።

«ይኼ ድምር ምን ይነግርሃል?» አለችው። እኩዮች ስለሆኑ አንተ ትለዋለች።

«ማን ብዙ እንደሠራ።»

«ሁለት ኪሎ ጥጥና ሁለት ኪሎ ድንጋይ ብትሸከም እኩል ይቆረቁርሃል? ወደ ቀኝ እስከ ጫፍ ሂድ፣ ደረጃውን እይ።»

በሠንጠረዡ ጫፍ ደረጃ የሚል አምድ አለ። አንደኛ ደረጃ ቀጥ ያለ አዲስ ሰፈር ነው፤ አንድ ሰው በቀን ሁለቱን ይጨርሳል። ሦስተኛ ደረጃ ደግሞ አሮጌው ከተማ ነው። ቧንቧ በቧንቧ ላይ የተቀበረበት፣ ሦስት ሰዎች በሦስት ዘመን በሦስት ዓይነት ምልክት የጻፉበት ስለሆነ አንዱ ብቻውን ሙሉ ቀን ይበላል። ተቆጣጣሪዋ ሠንጠረዡን በደረጃ ከፈለችለት። የሬዲዮ ሁለት መቶ አሥር ካርታ ከጥቂቶቹ በቀር አንደኛ ደረጃ ሆኖ ተገኘ። ከሩቋ መቶ ሃያ ስድስት ውስጥ ዘጠና ሰባቱ ሦስተኛ ደረጃ ናቸው።

«የተመለሱትስ?» አለ፤ ድምፁ ወረድ ብሎ ነበር።

«የእሱ ሃምሳ ስምንት፣ የእሷ አምስት።» ተቆጣጣሪዋ ሌላ ገጽ ከፈተች። «ከእሱ ሃምሳ ስምንት ውስጥ ደግሞ አርባ አራቱን ያስተካከለችው እሷ ናት። እሱ ጋ ስመልሰው ሳምንት ይተኛል፣ ቆፋሪዎቹ ደግሞ በስልክ ያዋክቡኛል። እሷ ጋ ስልከው ማለዳ አልቆ ይጠብቀኛል። መዝገቡ የሚቆጥረው መጀመሪያ ለሠራው ሰው ስለሆነ እዚያ ላይ አታገኘውም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ?»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አንድ ነገር ግን አልገባውም። «ዘጠና ሰባቱ ከባድ ካርታ እሷ ጋ እንዴት ተከማቸ? ማነው የሰጣት?»

ተቆጣጣሪዋ «የመደበው» የሚለውን አምድ በጣቷ ነካች። ከላይ እስከ ታች የእሱ ስም ነበር።

ያኔ ትዝ አለው። ሬዲዮ ከባድ ካርታ ሲሰጠው ወንበሩ ድረስ መጥቶ «ጋሼ፣ ይሄን ከሚሰጡኝ ይግደሉኝ» ይልና ያስቀዋል፤ እየሳቀም ይለውጥለታል። ሌሎቹም ፊታቸውን ያጠቁሩበታል። የሩቋ ግን ፊት የላትም። ሲልክላት «ደርሶኛል» ብላ ትጽፋለች፣ አበቃ። ዝም አይነቅዝም ሲሉ ሰምቷል፤ የሌላውን ሰው ዝምታ ግን ሸክም መጫኛ አድርጎት ኖሯል።

«ሌላም አለ» አለች ተቆጣጣሪዋ፣ ያልጠየቃትን። «ልጆቹ የሚያነቡት ያ የድሮ ምልክቶች መፍቻ ሰነድ አለ አይደል? አርባ ገጹ? የጻፈችው እሷ ናት። ሁለቱ አዲሶቹ ሥራ የለመዱት በእሱ ነው።»

«እኔ ሬዲዮ ያስተማራቸው መስሎኝ።»

«እሱም አስተምሯል፣ አልዋሽም። አጠገባቸው እየተቀመጠ አበረታቷቸዋል። ያም ሥራ ነው። ግን ሁለቱን ለይተህ ጻፍ።»

ጋሽ ማስመሪያ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ሬዲዮ ቢጠራው «ሥራ አለኝ» አለው። የተሰማው ጥፋተኝነት ብቻ አልነበረም። ለሬዲዮ ሦስቱን አምስት ለምን እንደጻፈ አሁን ገባው። ለካ የመዘነው ካርታ አልነበረም። የመዘነው ማን እንዳዋራው፣ ማን ምሳ እንደጋበዘው፣ ባዶውን አዳራሽ ማን እንደሞላለት ነበር። ብቸኝነቱን የሚያስታምምለትን ሰው በመንግሥት ወረቀት እንደማመስገን ያለ ነገር ነው የሠራው። ከራሱ በቀር ማንም ስላላወቀበት ይበልጥ አፈረ።

በነጋታው ሊደውልላት ወሰነ። ግን መቼ? መዝገቡ ላይ ካርታዎቿን ያስረከበችበትን ሰዓት ተመለከተ። ሁሉም ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እስከ ጠዋቱ ሦስት፣ ከዚያም ከቀኑ ስምንት እስከ አሥራ አንድ ባለው መካከል ነው። እሱ ረፋዱ ላይ ነጥቧን ሲያይ እሷ የቀኑን ግማሽ ጨርሳለች። «በሚመችሽ ሰዓት ልደውል?» ብሎ ጻፈላት። «ስምንት ሰዓት» አለች።

ደወለ። ድምጿ ካሰበው በላይ ወፍራምና የደከመ ነው።

«ልጄ፣ ፎርሙን አየሁት» አለ። ንግግር አዘጋጅቶ ነበር፣ ጠፋበት። «ያልሽው ልክ ነው። አንድም ቃል አልጻፍኩም። ሥራሽን ሳላይ ነው የመዘንኩሽ።»

ከኋላዋ የዕቃ ኳኳታ ተሰማው።

«አለሽ?»

«አለሁ ጋሼ። ምን እንደምል ጠፍቶኝ ነው።»

«ሰዓትሽን አስረጂኝ እስቲ። እንድገመግምሽ አይደለም፣ እንዳውቀው ነው።»

ነገረችው። እናቷ የሚነሱት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ብቻቸውን ከተተዉ በር ከፍተው ይወጣሉ፤ ሁለት ጊዜ ጠፍተውባት ያውቃሉ። ከሰዓት ጎረቤት መጥታ ትጠብቅላታለች። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ ትነሳለች። «አንድ ሰሞን» አለች፣ «ስብሰባ ላይ ‹ነጥባችሁን አረንጓዴ አድርጉ› ያሉን ጊዜ፣ ኮምፒውተሩን ኩሽና ወስጄ እናቴን እያጎረስኩ በየአምስት ደቂቃው ማውሱን እነካካ ነበር። አንድ ቀን ጣቴ ማውሱ ላይ እያለ ምግቡ ትን አላት። በቃ፣ ግራጫ ይሁን አልኩ።»

ጋሽ ማስመሪያ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮው አዛወረ። ያን ትእዛዝ ያስተላለፈው ራሱ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ፤ ከአንደበቱ እንደወጣ የተቆጣጣሪዋ መልስ ትዝ አለውና «ተይው፣ አልጠየቅሁሽም» ብሎ አስተካከለ። «ከባዶቹን ካርታ ሁሉ ስጭንብሽስ ለምን እምቢ አላልሽም?»

«እምቢ የሚል ሰው መጀመሪያ መታየት አለበት ጋሼ» አለች። ወቀሳ አልነበረም፤ እንደ አየር ሁኔታ ነው የተናገረችው። ከዚያ «ግን እወዳቸዋለሁ» አለች። «እነዚያ አሮጌዎቹን። የሰው እጅ ጽሑፍ ስለሆነ ብቻዬን ያለሁ አይመስለኝም።»

ሊላት የፈለገው ነገር ነበር፤ እኔም ብቻዬን ነኝ የሚል ዓይነት። አልወጣም። «ሐሙስ ስብሰባ አለ» ብቻ ብሎ ዘጋ።

ሐሙስ ዕለት ምክትል ሥራ አስኪያጁ ከጠረጴዛው ራስ ተቀመጠ። በየጠዋቱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ፎቆቹን የሚዞር፣ ማን ወንበሩ ላይ እንዳለ ማን እንደሌለ ልቅም አድርጎ የሚያውቅ ሰው ነው። የሰው ኃይል ባለሙያዋ ጎኑ አለች። ተራው ሲደርስ ጋሽ ማስመሪያ ተነሳ።

«ከዚህ በፊት የላክሁትን ፎርም ሰርዣለሁ» አለ።

«የቱን?» አለ ምክትሉ።

«ዘጠኙንም። ሥራን ሳይሆን ወንበርን ነበር የመዘንኩት። እንደገና ሠርቼዋለሁ።»

አዲሶቹን ወረቀቶች አደለ። በእያንዳንዱ ላይ የካርታው ቁጥር በደረጃ ተከፍሏል፤ የተመለሰበት፣ በቀኑ ያስረከበው፣ ለሌላ ያስተካከለው፣ ለባልደረቦቹ ያበረከተው ከነምሳሌው ተጽፏል። የሩቋ አራት ነጥብ አራት፣ ሬዲዮ ሦስት።

ምክትሉ ወረቀቱን አገላበጠ። «ያችን ልጅ እኔ አንድ ቀን እንኳ አይቻት አላውቅም። እሱ ግን ጠዋት ስዞር ሁሌም አለ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ወንበሩ ላይ ነው!»

«አለ፣ እውነት ነው። እኔም ደስ ይለኛል መኖሩ። ግን ሃምሳ ስምንት ካርታ ተመልሶበታል።»

«ቤት የተቀመጠ ሰው መሥራቱን በምን ታውቃለህ?»

«ቢሮ የተቀመጠውስ መሥራቱን በምን እናውቅ ኖሯል?» አለ ጋሽ ማስመሪያ። ሊከራከር ፈልጎ አልነበረም፤ ጥያቄው የራሱ ነበር። «እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ሙያ አለሁ። ቆፋሪው ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ ቧንቧውን ሲያጣ፣ ካርታውን የሠራው ሰው ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ወንበሩ ላይ ነበር ብንለው አይረዳውም።»

አንደኛው ኃላፊ ሳቀ፤ ምክትሉ አልሳቀም። «ነገ ሁሉም እቤቱ ልቅር ቢልስ? ስፈልጋቸው የት አገኛቸዋለሁ?»

እዚህ ላይ የሰው ኃይል ባለሙያዋ ገባች። «ጥያቄው ተገቢ ነው። መፈለግ ከተፈለገ ሰዓቱ ይታወቅ። ሠራተኛው በቀን በየትኞቹ ሰዓቶች መልስ እንደሚሰጥ ከኃላፊው ጋር ይስማማ፣ ይጻፍ። በግማሽ ዓመቱ መጀመሪያ ምን እንደሚያስረክብ፣ በምን ጥራት፣ እስከ መቼ የሚለውም ይጻፍ። በመጨረሻ የሚመዘነው በዚያ ነው፤ ቢሮ ቢሆንም ቤት ቢሆንም አንድ ሚዛን። ነጥቧ አረንጓዴ ነች ግራጫ የሚለው ከምዘናው ይውጣ።»

ረጅም ክርክር ሆነ። ምክትሉ በመጨረሻ በከፊል ተሸነፈ፦ በካርታ ክፍል ብቻ፣ ለአንድ ግማሽ ዓመት፣ ይሞከር። የሩቋ ፈቃድ አይነሳም።

ጋሽ ማስመሪያ ድል ያደረገ ሰው መስሎ አልወጣም። ከሁሉ የከበደው ገና ነበር።

ሬዲዮን ወደ ትንሿ ስብሰባ ክፍል ጠራው። ወረቀቱን ፊቱ ዘረጋና አንድ በአንድ አነበበለት፤ አዲሶቹን እንዳበረታታ የሚናገረውን መስመር በተለይ። ሬዲዮ ያን መስመር አልሰማም። ዓይኑ ሦስቱ ላይ ተተክሏል።

«ጋሼ፣ አራት ነጥብ ስድስት ነበር እኮ የሰጡኝ።»

«ተሳስቼ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያንተ አይደለም። ቀድሜ መዝገቡን ማየት ነበረብኝ።»

«እሺ የተመለሰው ተመለሰ። ግን እኔ እዚህ ነበርኩ።» ድምፁ ተሰበረ፤ ሬዲዮ እንዲህ ሲያወራ ሰምቶት አያውቅም። «በየቀኑ። ዝናብ ቢሉ፣ የታክሲ ሰልፍ ቢሉ። ልጄ ታማ እንኳ መጥቻለሁ። መምጣት ነው የሚቆጠረው ብዬ።»

«እንዲቆጠር ያደረግነው እኛ ነን» አለ ጋሽ ማስመሪያ። «ልጅህ ስትታመም መምጣት አልነበረብህም።»

«ምሳስ?» አለ ሬዲዮ። «ምሳ አብረን ስንበላ ይሄን ያውቁ ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

ሬዲዮ ወረቀቱን ፈርሞ ተነሳ። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ወንበር የሚስብ አልመጣም። ጋሽ ማስመሪያ ጥቂት ጠበቀ፣ ከዚያ ብቻውን ወረደ። ለሁለት የሚሆን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን እያየ በላ።

አዲሱ ግማሽ ዓመት ሲጀመር ከእያንዳንዱ ጋር ተቀምጦ ስምምነቱን ጻፈ። ከባዶቹን ካርታዎች ለዘጠኙም አካፈለ። ያጉረመረመ አልጠፋም፤ ዘንድሮ ግን ማጉረምረም ካርታ አያስለውጥም። የሩቋ ለሌሎች የምታስተካክለው በስሟ መመዝገብ ጀመረ። ለመልስ የምትገኝበት ሰዓት ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ተብሎ ተጻፈ፤ ከዚያ ውጭ የሚፈልጋት ሰው መልእክት ትቶ ይጠብቃል። የሩቋ በፎርሙ ላይ ያንን ሁሉ አይታ «ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ» ብላ ጻፈች። የጨመረችው አንድ ቃል ነበር፤ እሱ ግን ሁለቴ አነበበው።

ሬዲዮ ደግሞ የተጻፈውን ሰዓትና የሥራ መጠን ደጋግሞ አየና ጠየቀ። «ይሄን ካስረከብኩ የት እንደምቀመጥ አያገባችሁም?»

«አያገባንም።»

«እንግዲያውስ ከቤት ልሥራ ጋሼ። ሚስቴም ልጄን ለብቻዋ ነው የምታመላልሳት።»

ጋሽ ማስመሪያ እንዳይሄድ ሊለምነው ቃጥቶት ነበር። ብዕሩን አንስቶ ፈቀደ።

ሬዲዮ ሄደ። ሁለቱ ቀሪዎችም ጥቂት ቆይተው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ መምጣት ጀመሩ። በአራተኛው ወር ጋሽ ማስመሪያ መዝገቡን ሲገልጥ ሬዲዮ የተመለሰበት አሥራ አንድ ካርታ ብቻ መሆኑን አየ። ወሬ ማውራቱን ትቶ ሲስል ለካ እጁ ጥሩ ነው። ደስ አለው። ደስታውን የሚነግረው ሰው ፍለጋ ቀና አለ፤ አዳራሹ ዘጠኝ ወንበርና ዘጠኝ መብራት ነው። የመስኮቱ ብርሃን ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ አንዱ ሲያልፍ ተመለከተ። ካርታዎቹ ከአሥራ አንዱ በቀር ሁሉም ማለፋቸውን ለሬዲዮ ጻፈለት፤ ያየውን በዝርዝር፣ የትኛው መገጣጠሚያ እንዴት እንዳማረ። ሬዲዮ ከሰዓት በኋላ መለሰ። «ልጄን ከትምህርት ቤት ይዤ መጥቼ አነበብኩት። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።» ምሳ አላነሳም።

በዚያ ሳምንት መጨረሻ ጋሽ ማስመሪያ ኮምፒውተሩን፣ የእጅ ቦርሳውንና የሚስቱን ፎቶ ይዞ ምድር ቤት ወረደ። ተቆጣጣሪዋ ቀና ብላ አየችው።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ላይ ቤት ማንም የለም። ያ ጥግ ባዶ ከሆነ ልቀመጥ?»

«እዚህ ወሬ የለም።»

«አውቃለሁ።»

ጥጉ ላይ የተከመሩትን ካርቶኖች በእግሯ ገፋ አደረገችለት። ጠረጴዛውን በእጁ ጠረገና ተቀመጠ። ጠዋቱን ሙሉ ሁለቱም አልተናገሩም። ከእሷ በኩል የወረቀት መገለጥና አልፎ አልፎ ማሳል ይሰማ ነበር። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ምንም ሳትለው ብድግ ብላ መስኮቱን ከፈተች፤ እሱም የወረቀት መጫኛ ፈልጎ ወረቀቶቿ እንዳይበሩ ላያቸው ላይ አኖረ።